«ወደ 80 ሰው»

ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ባምቢስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሦስት ትልልቅ ምድጃዎች ላይ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይንተከተካሉ። የወጥ ቤቱ ባለቤት የሆኑት ወይዘሮ በቀኝ እጃቸው ማማሰያ፣ በግራቸው ስልክ ይዘው ያወራሉ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ በዚህ ጽሑፍ «ወይዘሮዋ» እላቸዋለሁ። ከስልኩ ማዶ ያለችው የአንድ ማኅበር ቢሮ ሠራተኛ ናት። ሁለቱ በአካል ተገናኝተው አያውቁም።

«እትዬ፣ ስልጠና አለን። ከ12 እስከ 14፣ ሦስት ቀን።»

«ስንት ሰው ነው የኔ ልጅ?»

«ወደ 80። ምሳና ሁለቴ ሻይ ቡና። ባለፈው በሰው 900 ነው ያሉኝ አይደል?»

«አዎ፣ 900።»

«እሺ በቃ፣ ተስማምተናል። እግዜር ይስጥልኝ።»

አራት ደቂቃ አልሞላም። በስሌት ካየነው 80 ሰው በሦስት ቀን በ900 ብር 216,000 ብር ነው። ወይዘሮዋ ማማሰያውን ለረዳታቸው ሰጡ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሽፋኑ የተላጠ ደብተር አወረዱ። ስልኩን ከዘጉ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ለልጅቷ የሚከተለውን ጽፈው ላኩ። በእሳቸው ፈቃድ እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

«የኔ ልጅ፣ አሁን በስልክ የተነጋገርነውን እንዳልሳሳት ብዬ ጻፍኩት። ከዓርብ ኅዳር 12 እስከ እሑድ ኅዳር 14፣ ሦስት ቀን። ምሳና ሁለት ጊዜ ሻይ ቡና። 80 ሰው፣ በቀን በሰው 900 ብር፣ ቫት ሳይጨምር። ዓርብ የጾም ምግብ፣ ቅዳሜና እሑድ የፍስክ። የሰው ቁጥር ቢቀንስ ከዋዜማው 8 ሰዓት በፊት ንገሪኝ፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ሰው ይቆጠራል። ግማሹ ቀድሞ ይከፈላል። ያልተነጋገርንበት፦ ቦታው የት እንደሆነና ሰሃንና ብርጭቆ በማን እንደሆነ። ልክ ነው? የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ። ደግሞ በሚካኤል ቀን ስልጠና ታደርጋላችሁ?»

መልሱ የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። «ውይ እትዬ! ዓርብ አይደለም፣ ረቡዕ ነው። በፈረንጅ 12 ማለቴ ነበር። ቫቱን ደግሞ ተጨምሮ መስሎኝ ነው፣ ኃላፊዬን ልጠይቅ።»

ልጅቷ በምትሠራበት ቢሮ ቀን የሚቆጠረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የእሷ 12 በኛ ኅዳር 3 ላይ ይውላል፤ ማለትም ለስልጠናው የቀረው አምስት ቀን ብቻ ነበር። ወይዘሮዋ ደግሞ ሁለት ሳምንት እንዳላቸው አስበው በግና ሽንኩርት የሚገዙበትን ቀን በልባቸው ቆጥረው ጨርሰዋል። ረቡዕ ጠዋት 80 ሰው ተሰብስቦ ሻይ ሲጠብቅ እሳቸው ባምቢስ ቤታቸው ሊሆኑ ነው። ምግቡም ይለያያል፤ ከዓርብ እስከ እሑድ ቢሆን አንድ ቀን ጾም፣ ሁለት ቀን ፍስክ ሲሆን፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሲሆን ግን ተገልብጦ ሁለት ቀን ጾም፣ አንድ ቀን ፍስክ ነው። ሁለቱም «ከ12 እስከ 14» ብለዋል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

ወደዚህ ወጥ ቤት የሄድኩት በስልክ የተስማሙትን በጽሑፍ ስለማረጋገጥ ልጽፍ ነበር። ስሄድ በአእምሮዬ የያዝኩት ፍርድ ቤት ነው፤ ማስረጃ፣ ምስክር፣ ክስ። ወይዘሮዋ ግን ስለ ፍርድ ቤት ብዙም ግድ የላቸውም። ለእሳቸው ከመልእክቱ በኋላ የሚመጣው ምርጡ መልስ «ልክ ነው» የሚለው አይደለም። «አይ፣ እንደሱ አላልንም» የሚለው ነው፤ ድስቱ ገና ሳይጣድ፣ ሽንኩርቱ ገና ሳይገዛ።

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ባምቢስ ስሙን ያገኘው ከአንድ ግሪካዊ ሱፐርማርኬት ነው። አጎራባቹ ካዛንቺስ ደግሞ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ድርጅት አጠራር በአዲስ አበባ ሰው አፍ ተለውጦ የቀረ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከጎን ስላለ፣ ሆቴሉና የማኅበራት ቢሮውም ስለበዛ፣ በዚህ አካባቢ ስብሰባ ሲኖር ምግብ የሚያቀርብ ሰው ሥራ አያጣም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ግን የወይዘሮዋ ደንበኞች ተበተኑ። ድሮ ቢሮው ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ቡና ጠጥተው፣ ሰው ቆጥረው፣ አዳራሹን አይተው ነበር የሚስማሙት። ዛሬ አንዱ ደንበኛ ሲኤምሲ፣ ሌላው ለቡ ነው። ስልኩ የቀረውን ዝምድና ሁሉ ተሸክሟል።

ደብተሩ የተጀመረው በአንድ ጠብ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ ባለፈው ዓመት እንዲሁ በስልክ «ወደ 80 ሰው» ብሎ የሁለት ቀን ምሳ አዘዘ፤ ዋጋው በሰው 700 ብር። ወይዘሮዋ ለ80 ሰው ሠሩ። የመጣው 62 ነው። ሒሳብ ሲጠየቅ የቢሮው ፋይናንስ ክፍል የተሳታፊዎችን የፊርማ ወረቀት አውጥቶ የ62 ሰው ከፈለ። የ18 ሰው ምሳ ለሁለት ቀን፣ 25,200 ብር፣ በወይዘሮዋ ላይ ቀረ። አዛዡን ሲጠይቁት የሰጣቸው መልስ እስከ ዛሬ ያናድዳቸዋል። «እትዬ፣ ወደ 80 ነው እኮ ያልኩት።»

እውነቱን ነው። «ወደ» የምትለው ቃል ለጨዋታ ምቹ ናት፤ ለሒሳብ ግን አትሆንም። ለተናጋሪው «ከ80 አይበልጥም» ማለት ነበረች፤ ለሰሚዋ ግን «80 አካባቢ ነው፣ 80 አድርጊ» ማለት ነበረች። በስልክ እንዲህ ያሉ ቃላት በቀላሉ ያልፋሉ፤ ፊት አይታይም፣ መጠየቅም ጊዜ ማባከን ይመስላል። በጽሑፍ ላይ ግን «ወደ 80» ብሎ መጻፍ ራሱ እጅን ያስቆማል። ወይዘሮዋ ጥቅምት 28 የጻፉትን መለስ ብለን እንይ፤ ልጅቷ «ወደ 80» ብላለች፣ እሳቸው «80 ሰው» ብለው ጻፉ፣ ከሥሩም ቁጥሩ እስከ መቼ ሊቀነስ እንደሚችል ጨመሩ። በዚህ ሙያ የሚያጣላው የሰው ብዛት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ከዋዜማው 8 ሰዓት በፊት ከተነገራቸው ሥጋው አልተገዛም፣ እንጀራውን ከጋጋሪዋ አልተቀበሉም። ከዚያ ሰዓት በኋላ ግን አንድ ሰው ቢቀርም ገንዘቡ ወጥቷል።

ታዲያ ያልተባለን ነገር መጻፍ ማጭበርበር አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በስልኩ ላይ ስለ 8 ሰዓት አንድም ቃል አልተነሳም፤ ስለ ቅድመ ክፍያም እንዲሁ።

«ከበፊት ጀምሮ የምንሠራው እንደዚያ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «ግን ልክ ነህ፣ ያን ለይቼ መጻፍ ነበረብኝ» ብለው ጨመሩ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማረጋገጫ የሚባለው ጽሑፍ የተባለውን ሲደግም ማስታወሻ ነው፤ ያልተባለውን ሲጨምር ደግሞ አዲስ ሐሳብ ማቅረቢያ ይሆናል። አዲስ ሐሳብ ደግሞ ሌላው ወገን እሺ ካላለው አያስርም። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው «የተስማማነው» እና «እኔ የምጠይቀው» የሚሉትን በሁለት መስመር ይለያል። ወይዘሮዋ «ያልተነጋገርንበት» ብለው የጻፉት መስመር ግን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው የተስማማበትን መጻፍ አይከብደውም፤ የዘነጋውን ለማስታወስ ግን እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ይኖርበታል።

አሁን ስለ ሕጉ። ብዙ ሰው በቃል የተደረገ ውል ዋጋ የለውም ብሎ ያምናል። እንደዚያ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ረቂቁን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሕግ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው የተለየ ፎርም ካላዘዙ በቀር ውል በማንኛውም መንገድ ሊደረግ ይችላል ይላል፤ ቁጥር 1719 ነው። ስምምነት በቃል፣ በጽሑፍ፣ በምልክት ወይም በሥራ ሊገለጽ ይችላል። ሕጉ ስልክንም በስም ያነሳዋል፤ በቁጥር 1692 በስልክ የተደረገ ውል የት እንደተደረገ እንደሚቆጠር ደንግጓል። ስለዚህ በስልክ «ተስማምተናል» ሲባል ውል ሊወለድ ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ሲካካዱ ነው። ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ ይህም በቁጥር 2001 የተቀመጠ ነው። በቀላል አነጋገር፣ ገንዘብ ጠያቂው ነው አስረጂው። የምግብ ዝግጅት ውል በምስክርም ሊረጋገጥ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የስልክ ንግግር ምስክር ማን ነው? ምድጃው ሥር የነበረችው ረዳት የሰማችው የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ ነው። የስልክ ኩባንያው መዝገብም ቢወጣ ደቂቃውን እንጂ ቃሉን አይናገርም።

አንዳንዱ ውል ደግሞ ከነጭራሹ በስልክ አይሆንም። ወይዘሮዋን አልፎ አልፎ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያዛቸዋል። በቁጥር 1724 መሠረት መንግሥትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በጽሑፍ እስኪሆን ድረስ የስልኩ ቃል ረቂቅ ነው፤ የጽሑፍ መልእክት መላክም ብቻውን ውል አያደርገውም፤ ፊርማና ምስክር ያስፈልጋል። ብድርም የራሱ ነገር አለው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት የሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ይፈልጋል። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በባምቢስ ለአንድ ሰው ምሳ እንኳ ላይበቃ ይችላል፤ ደንቡ ግን እንዳለ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ እኔም እስካጣራ ድረስ ልብ ያላልኩት። አንዳንድ ሰው በመልእክቱ መጨረሻ ለትሕትና ብሎ «ዝርዝሩን በውል ስንፈራረም እናጸናዋለን» ብሎ ይጽፋል። ተዋዋዮች ውላችን በዚህ ፎርም ይሁን ብለው ከተስማሙ፣ ያ ፎርም እስኪፈጸም ድረስ ውል የለም ይላል ቁጥር 1726። በትሕትና የተጻፈችው መስመር በስልክ የተቋጨውን ነገር መልሳ ልትፈታው ትችላለች። ወይዘሮዋ «ልክ ነው?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። ሳያውቁት ትክክል ናቸው።

ከሁሉ የሚያከራክረው ዝምታ ነው። ላክሁ፤ አልመለሰም። አልመለሰምና ተስማምቷል? በአሜሪካ የንግድ ሕግ፣ ዕቃ ሻጭና ገዢ ሁለቱም ነጋዴዎች ሆነው አንዱ ስምምነታቸውን በጽሑፍ አረጋግጦ ቢልክ፣ ሌላው በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ በኋላ «ውሉ በጽሑፍ አይደለምና አይጸናብኝም» ሊል አይችልም። ጀርመኖች ዘንድ ደግሞ ነጋዴ ለነጋዴ ለሚልከው እንዲህ ላለ ደብዳቤ ፈጥኖ አለመቃወም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። በእኛ ሕግ መነሻው የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥር 1682 ዝምታ እሺታ አይደለም ይላል። ቁጥር 1684 ለዚህ አንድ ጠባብ በር ይከፍታል፤ ቀድሞ የንግድ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ከሆኑና ያለውን ውል ለመቀጠል ወይም ለመለወጥ የቀረበው ሐሳብ፣ ባትመልስ እንደተቀበልክ ይቆጠራል የሚል ማስጠንቀቂያ በያዘ ልዩ ጽሑፍ ከተላከ ዝምታው ሊናገር ይችላል። ለአዲስ ደንበኛ ግን «ካልመለስክ ተስማምተሃል» ብሎ መጻፍ ማስፈራሪያ እንጂ መከላከያ አይሆንም።

አንድ ቦታ ላይ ሕጋችን ወይዘሮዋ የሚያደርጉትን ነገር በግድ ያዛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 7፣ የሥራ ውል በቃል ከተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ሠራተኛው ከተቀበለ በኋላ በ15 ቀን ካልተቃወመ ያ ጽሑፍ ውላቸው ነው። እዚያ ዝምታ ይናገራል። ለምሳና ለሻይ ቡና ግን እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም።

ስለዚህ ወይዘሮዋ ዝምታን አያምኑም። መልእክታቸው ሁልጊዜ በጥያቄ ይጨረሳል፤ መልስ ካልመጣ ማታ ይደውላሉ፤ አሁንም ካልተመለሰ አይገዙም። የጽሑፍ መልስ ባይኖርም ቅድመ ክፍያው ከገባ እሱ ራሱ ይናገራል። ሰው ያልተስማማበትን ነገር ግማሽ ዋጋ አይከፍልምና፣ ገንዘብ መላክ በሥራ የተገለጸ ስምምነት ነው። እዚህ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ነገር አለች። በባንክም ሆነ በቴሌብር የተላለፈ ገንዘብ መተላለፉን ያሳያል፤ ለምን እንደተላለፈ ግን አይናገርም። ወይዘሮዋ ደንበኞቻቸውን «ምክንያት» የምትለዋን ባዶ ቦታ «የኅዳር 3–5 ምሳ ቅድመ ክፍያ» ብለው እንዲሞሉ ይለምናሉ። ባዶ ከተዋት ወይም «ስጦታ» ብለው ካለፏት፣ ያው ገንዘብ ነገ ብድር ነው፣ ወይም የድሮ ዕዳ ነው ሊባል ይችላል።

የት ይጻፍ የሚለው የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ሥራዋን የምትሠራው በቴሌግራም ነው፤ የወይዘሮዋም ደንበኞች እንዲሁ። በቴሌግራም የላኩትን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ መለወጥ ይቻላል፤ መለወጡን የሚያሳይ ምልክት ይታያል እንጂ የድሮው ቃል አይታይም። በሁለት ሰው ውይይት ደግሞ ከሁለቱ አንዱ መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ የሌላኛውን ሰው መልእክት ጭምር፣ ያለ ጊዜ ገደብ። ይህን ለወይዘሮዋ ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «እኔ የጻፍኩትን እሷ?» አሉ። እሷ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋና ዋናውን ጉዳይ በተራ የስልክ አጭር መልእክትም ይልካሉ፤ እሱን ላኪው ከተቀባዩ ስልክ ላይ መልሶ ሊያነሳው አይችልም። ከበድ ላለ ሥራ ልጃቸው በኢሜይል ትልክላቸዋለች። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ስለሚል፣ መልእክቱ ስለ ቅርጹ አይጣልም። ማን ላከው፣ ሳይነካ ቆይቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ይነሳል፤ የተቆራረጠ የስክሪን ፎቶ ይህን ጥያቄ አይመልስም።

ይህን ሁሉ ሳወራ አንድ የቆየ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚል አገር፣ ከስልክ ንግግር በኋላ ጽሑፍ መላክ «አላመንኩህም» ማለት ይመስላል። ወይዘሮዋ መጀመሪያ ላይ ሁለት ደንበኛ በዚህ ምክንያት አኩርፈውባቸዋል። አንዱ «እኔ ካልኩ አልኩ ነው፤ ምን ያስጽፋል?» ብሎ ስልኩን ዘግቶባቸዋል። አሁን የሚጠቀሙባት «እንዳልሳሳት» የምትለው ቃል የመጣችው ከዚያ ነው። ጥርጣሬውን ወደ ራሳቸው አዞሩት፤ የሚሳሳተው አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ። እውነት ለመናገር በመጀመሪያ ትንሽ ብልጠት መስሎኝ ነበር። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ከተስተካከሉት መልእክቶች ግማሽ ያህሉ የእሳቸው ስሕተት መሆናቸውን አየሁ። ሰባት ሰዓት የተባለውን ስድስት ብለው የጻፉ፣ 45 የተባለውን 54 ያደረጉ ሞልተዋል።

ወደ ረቡዕ እንመለስ። የቫቱ ነገር በሁለተኛ ስልክ አለቀ። 900 ብር ላይ 15 በመቶ ቢጨመር የማኅበሩ ወጪ 248,400 ብር ይደርሳል፤ በ900 ውስጥ ቫት አለ ቢባል ደግሞ ከወይዘሮዋ ገቢ 28,000 ብር በላይ ይወጣል። ተከራክረው በሰው 840 ብር፣ ቫት ሲጨመር 966 ብር ላይ ተገናኙ። ወይዘሮዋ ይህንኑ ወዲያው ጻፉ፦ «ረቡዕ ኅዳር 3፣ ሐሙስ ኅዳር 4፣ ዓርብ ኅዳር 5። 80 ሰው። በሰው 840 እና ቫት፣ በድምሩ 966። ረቡዕና ዓርብ ጾም። በፊቱ መልእክት ያለው ቀን፣ ጾምና ዋጋ ቀርቷል፣ ይሄ ነው።» ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አጭር ብትሆንም አስፈላጊ ነች፤ ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ቆመው ቢቀሩ አንዱ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ያደላል። ልጅቷ «ልክ ነው እትዬ» ብላ መለሰች፤ ሰኞ ግማሹ፣ 115,920 ብር፣ ገባ።

ማክሰኞ 7 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ፤ አምስት ሰው ቀርቷል። ወይዘሮዋ ጻፉ፦ «ከረቡዕ ጀምሮ 75 ሰው ብለሻል፣ ተቀብያለሁ።» ረቡዕ 71 ሰው በላ፤ ሐሙስ 75፤ ዓርብ ከምሳ በፊት ብዙው ሰው ወደ ቤቱ ስለሄደ 58 ብቻ። ቀሪው የዓርብ ምስር በግቢው ዘበኞችና በጎረቤት ልጆች ተበላ።

ሒሳቡ የተጠየቀው በ75 ነው፤ ለሦስት ቀን 217,350 ብር። የማኅበሩ ፋይናንስ ኃላፊ እንደተጠበቀው የፊርማውን ወረቀት ይዞ ደወለ። በፈረመው ሰው ቢቆጠር 197,064 ብር ነው፤ ልዩነቱ 20,286። ወይዘሮዋ አልተከራከሩም። የማክሰኞውን መልእክትና የዓርቡን የ8 ሰዓት መስመር ከልጅቷ መልስ ጋር አድርገው መልሰው ላኩለት። በጽሑፍ የመጣው መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «ደርሶኛል»። ቀሪው 101,430 ብር ከቅድመ ግብር ተቀናሹ በስተቀር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገባ።

አንድ ነገር ብቻ አልተከፈላቸውም። ረቡዕ ምሳ ሲቀርብ አስተባባሪው መጥቶ «ውኃው የታለ?» አለ። ማኅበሩ የታሸገ ውኃ ከምሳው ጋር ነው ብሎ ነበር፤ ወይዘሮዋ አዳራሹ ያቀርባል ብለው ነበር። በስልክ ማንም አላነሳውም፤ በመልእክቱ ላይም «ያልተነጋገርንበት» ከሚለው መስመር ውስጥ ሰሃንና ብርጭቆ አለ፣ ውኃ የለም። ልጅ ልከው አስገዙ፤ ለ75 ሰው ለሦስት ቀን፣ ጠርሙሱ በ20 ብር፣ 4,500 ብር። ደረሰኙን ለማኅበሩ አልላኩም። «ምን ብዬ?» አሉኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ደብተሩ ክፍት ነበር። በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሳይጻፍ መታለፍ የሌለበት ነገር ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተዘርዝሯል፤ ቀን ከነስሙ፣ ሰው፣ ቫት፣ ጾም፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ሰሃን። ከሥሩ በቀይ፣ ከሌሎቹ ተለቅ ብሎ፣ «ውኃ» የሚል ተጨምሯል።